ዝናቡ የዘገየው በየትኛው ማሳ ነው? በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ የዘር ወቅትና የዝናብ መዛባት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ከሃያ ዓመት በፊት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ በፋርጣ ወረዳ መጠይቅ ይዤ ከቤት ወደ ቤት እዞር ነበር። በመጠይቁ ላይ «ዘንድሮ ክረምቱ ስንት ቀን ዘገየ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። አንድ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አባት ጥያቄውን ካዳመጡ በኋላ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ በየትኛው ማሳ?» ሲሉ መልሰው ጠየቁኝ። ጥያቄው ያልገባቸው መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላቸው። እሳቸውም በትዕግሥት «ለቀዩ መሬት ዘግይቷል፤ ለዋልካው ግን ገና ጊዜው አላለፈም» አሉኝ። በመጠይቁ ላይ ለመልሱ የተተወችው ሣጥን አንዲት ብቻ ስለነበረች «15 ቀን» ብዬ ሞላሁና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፍኩ። ያች ሣጥን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። የዛሬው ገለጻዬ እኒያ አባት የተናገሩትን በአግባቡ ለመጻፍ የተደረገ ዘግይቶ የመጣ ሙከራ ነው ብትሉኝ አልቃወምም።

ክረምት መቼ ይገባል? ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ቢያንስ ሦስት መልሶች አሉ። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል፤ የመጀመሪያው ክፍሉም የዘርና የደመና ጊዜ ተብሎ ይጠራል። ሁለተኛው የሚቲዎሮሎጂ ነው፤ እሱ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉትን ወራት በአንድነት ክረምት ብሎ ይይዝና ከየካቲት እስከ ግንቦት ካለው ከበልግ ይለየዋል። ሦስተኛው የገበሬው ነው። የገበሬው መልስ በቀን አይነገርም፤ በሥራ ቅደም ተከተል ነው የሚነገረው። «ገብሱ ከመሬት ሲገባ»፣ «ጤፍ ሲዘራ»፣ «ጓያ ሲጣል» ይባላል። በዓላቱ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ እንደ ችካል ተተክለዋል። ሰኔ ሚካኤል፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ ገብርኤል፣ ፍልሰታ፣ ቡሄ፣ መስቀል እያንዳንዳቸው «ይህ ሥራ እስከዚህ ካላለቀ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተሸክመዋል። ከተማችን ስሟን ያገኘችበት የደብረ ታቦር በዓል፣ ማለትም ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን ሲውል ሕዝቡ ክረምቱ አለቀ ይላል። በሚሊ ሜትር ለሚለካ ሰው ይህ እንግዳ ይሆንበታል፤ ነሐሴ ከዓመቱ እጅግ ዝናባማ ወራት አንዱ ነውና። ለዘሪ ግን ትርጉም አለው። ከዚያ ወዲህ የሚዘንበው ዝናብ የተዘራውን ለማሳደግ እንጂ የረጅም ጊዜ ሰብል አዲስ ለመዝራት አይሆንም።

አንዳንድ ተማሪዎቼ በዓላቱ ከወቅቱ ጋር አልገጥም ያሉት አቆጣጠራችን ስለተንሸራተተ እንደሆነ ይጠይቁኛል። አይደለም። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ ጳጉሜን 6 ስለሚያደርግ ከፀሐይ ዓመት ጋር ሲነጻጸር በ400 ዓመት 3 ቀን ያህል ይለያያል። ይህ በአንድ ገበሬ ዕድሜ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። የተንቀሳቀሰው ዝናቡ ነው። ዓመታቱን በአራቱ ወንጌላውያን ከፍሎ ደጉንና ክፉውን ለመተንበይ የሚደረገውም ልማድ አይረዳንም። የ1976 ክረምት በዘመነ ዮሐንስ ከዳ፤ የ2007 ክረምት ደግሞ በዘመነ ሉቃስ። በሰሜን ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብን የሚቀንሰው ኤልኒኞ የሚመላለሰው ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ያልተስተካከለ ርቀት ስለሆነ የአራት ዓመት ዑደት አይገዛውም።

አሁን ወደ ማሳው እንውረድ። ደብረ ታቦር በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም አብዛኛው በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ በሄድን ቁጥር መጠኑ እየቀነሰ፣ አገባቡም እየተጠራጠረ ይሄዳል። እንዲህ ባለ አገር ገበሬ ስለ ዝናብ ማነስ ሲያማርር የሰማ እንግዳ «1,500 ሚሊ ሜትር ምን ጎደለው?» ሊል ይችላል። ጉዳዩ ግን የጠቅላላው ድምር አይደለም፤ የሁለቱ ጫፎች ነው። የዝናቡ መጀመሪያና የዝናቡ መጨረሻ የት ይውላሉ የሚለው ነው።

ከመጀመሪያው ጫፍ ልጀምር፤ ምሳሌዬም ጤፍ ይሁን። አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3,000 የሚጠጋ ፍሬ አለው። ይህን የሚያህል ደቃቅ ዘር በጥልቀት ቢቀበር ብርሃን ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ያለሰልሳል፤ ብዙ ቦታም ከብት ወይም በግና ፍየል ነድቶ ያስረግጠዋል፤ ከዚያም ዘሩን በእርጥቡ መሬት ላይ በእጁ ይበትነዋል። ዘሩ የሚኖረው እንግዲህ ከአፈሩ ገጽ ላይ ነው። የአፈር ገጽ ደግሞ ቀድሞ የሚደርቀው ክፍል ነው። በሰኔ ደመና በሌለበት ቀን ከባዶ መሬት አራትና አምስት ሚሊ ሜትር ውሃ ሊተን ይችላል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ የላይኛውን አሥርና አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያርሳል፤ ዝናቡ ካቋረጠ ግን ከላይ ያለው ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር በሦስትና በአራት ቀን ይነጣል። ጎንቁሎ ሥሩን ገና ያላወረደ ጤፍ በዚያን ጊዜ ያልቃል። በቆሎ በአምስትና በሰባት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ስለሚዘራ ይህን ያህል ቀን ይታገሣል። ገብስም በማረሻ ተገልብጦ አፈር ስለሚለብስ ከጤፍ ይሻላል።

በደራና በፎገራ ቆላማ በኩል በቆሎና ዳጉሳ ቀድመው፣ በፋርጣና በጉና ደጋ ገብስ ተከትሎ፣ ጤፍ ግን ሐምሌ እስኪገባ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ጤፍ ክረምትን ከፍቶ የሚገባ ሰብል አይደለም፤ ዝናቡ ከጸና በኋላ የሚገባ ነው። ገበሬው ይህን የሚያውቀው በመለኪያ አይደለም። «መሬቱ ሲጠግብ» ይላል። ሲጠግብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቅ ብዙዎቹ በሬ የረገጠበት ዱካ ውስጥ ውሃ አድሮ ሲገኝ ነው ብለውኛል። የላይኛው አፈር ውሃ መምጠጥ ማቆሙን፣ ማለትም ከታች እስከ ላይ መሙላቱን የሚያሳይ ስለሆነ ከብዙ መሣሪያ የማይተናነስ መለኪያ ነው።

እኛ የምርምር ሰዎች ለዚህ ቀመር አለን። በ1988 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲቫኩማር ለምዕራብ አፍሪካ ሳሕል ባቀረበው መለኪያ፣ ክረምት ገባ የሚባለው በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብና ቀጥለው ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ዝናቡ ከሰባት ቀን በላይ ሳያቋርጥ ሲቀር ነው። በኢትዮጵያም የቀኑ ቁጥር እየተለዋወጠ በብዙ ጥናት ተሠርቶበታል። ቀመሩ ላለፉት ዓመታት መዝገብ ግሩም ነው። ለሚዘራ ሰው ግን አንድ ችግር አለበት። ሁለተኛው ሐረግ ወደፊት ይመለከታል። ሐምሌ 2 ቀን ቆመህ ክረምቱ መግባቱን በዚህ መለኪያ ለማረጋገጥ እስከ ነሐሴ 2 መጠበቅ አለብህ። ገበሬው ግን ውሳኔውን ዛሬ፣ በእጁ ባለው ዘር መስጠት አለበት።

ይህን ጊዜ የሚፈራው ነገር ገብቶ የሚከዳ ዝናብ ነው። በሰኔ አጋማሽ አራት ቀን አጥብቆ ይዘንባል፤ መሬቱ ይረሰርሳል፤ ጎረቤት ሲዘራ ይታያል፤ ከዚያ አሥር ቀን ፀሐይ ይሆናል። የዘራ ዘሩን አጣ። ብዙ ጊዜ ስለ ምርት መቀነስ እንነጋገራለን እንጂ የዘር መጥፋት የተለየ ጉዳት መሆኑን አናነሳም። አንድ ቤተሰብ ለዘር የሚያስቀምጠው ጤፍ ከክረምቱ ረሃብ ተሸሽጎ የቆየ እህል ነው። ሰኔና ሐምሌ ጎተራው የሚራቆትባቸው ወራት ናቸው። ዘሩ አንድ ጊዜ ከጠፋ ለሁለተኛ ጊዜ የሚዘራው ከገበያ፣ እህል በሚወደድበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም በብድር ተገዝቶ ነው። የተገዛው ዘር ደግሞ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ በርግጥ አይታወቅም። የራሱን ዘር የጣለ ገበሬ ስለ ማሳው የሚያውቀውን እውቀት ግማሹን አብሮ ይጥላል።

ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ መሬቱን በአንድ ቀን ዘርቶ አይጨርስም። ዘሩን ይከፍላል። ከዘሩ ሲሶውን በመጀመሪያው ዝናብ፣ የቀረውን መሬቱ ሲጠግብ ይበትናል። ከውጭ ሲታይ ይህ እንደ ማመንታት ነው። በተጨባጭ ግን ዝናቡ ቢከዳ ሲሶውን ብቻ ለማጣት፣ ቢጸና ደግሞ ሲሶውን አስቀድሞ ለማድረስ የሚደረግ ስሌት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጫፍ፣ ወደ ክረምቱ መውጫ እንሻገር፤ የእኒያ አባት መልስ ያለው እዚህ ነውና። ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ቤተሰብ እናስብ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ቤተሰቡ ሁለት ማሳ አለው። አንዱ ተዳፋት ላይ ያለ፣ ስስ፣ ቀይ አፈር ነው። ሌላው ሜዳው ላይ ያለ ጥልቅ ዋልካ ነው። ዝናቡ መስከረም 25 ቀን አቆመ እንበል። ስሱ ቀይ አፈር ለሰብል የሚሆን 50 ሚሊ ሜትር ውሃ ይዞ ቢቀር፣ ሰብሉ በቀን አራት ሚሊ ሜትር ሲጠጣ 12 ቀን ያህል ያቆየዋል፤ ማለትም እስከ ጥቅምት 7። ዋልካው 150 ሚሊ ሜትር ቢይዝ 37 ቀን፣ ማለትም እስከ ኅዳር 2 ያደርሰዋል። ዝናቡ አንድ ነው፤ ክረምቱ የወጣበት ቀን ግን በሁለቱ ማሳዎች ላይ በ25 ቀን ይለያያል።

ዘሩን እንጨምርበት። በ110 ቀን የሚደርስ ጤፍ ሐምሌ 10 ቢዘራ ጥቅምት 25 ይደርሳል። ፈጥኖ የሚደርስ፣ ለምሳሌ ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል እንደወጣው «ጸደይ» ዓይነት በ88 ቀን የሚደርስ ከሆነ ጥቅምት 3 ላይ ይታጨዳል። ቀዩ መሬት ውሃው ጥቅምት 7 ስለሚያልቅበት የ88 ቀኑን ይችላል፤ የ110 ቀኑን አይችልም። ዋልካው ሁለቱንም ይችላል። እንዲያውም ዋልካው በሐምሌ መጀመሪያ ውሃ ስለሚያቁር ቀድሞ መዝራት ሥሩን ያሳፍነዋል፤ ዘግይቶ መዝራት ለእሱ ጥቅም ነው።

አሁን ዝናቡ በሃያ ቀን ይዘግይ፤ ዘሩም ሐምሌ 30 ቀን ይሁን። የ88 ቀኑ ጤፍ የሚደርሰው ጥቅምት 23 ነው። በቀዩ መሬት ላይ ውሃው ጥቅምት 7 አልቋል፤ ስለዚህ ፍሬው ሊሞላ በሚገባበት ጊዜ ይጠማል። ገለባ ይገኛል፤ እህል ግን እጅግ ያንሳል። በዋልካው ላይ ግን የ88 ቀኑ ጤፍ ያለ ችግር ይደርሳል። የ110 ቀኑ ኅዳር 15 ስለሚደርስና በመጨረሻዎቹ ቀናት የውሃ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ ለጥቂት ያመልጣል ወይም ለጥቂት ይቀራል። ከፍ ባለው ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት ይጨመራል። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ሲጠራ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ አበባ ላይ ያለን ገብስም ሆነ ባቄላ በአንድ ሌሊት ያከስለዋል። ወደ ጉና ግርጌ በሄድን ቁጥር የክረምቱን መውጫ የሚወስነው የአፈሩ ውሃ ሳይሆን ይህ ውርጭ ይሆናል።

«ለቀዩ መሬት ዘግይቷል፤ ለዋልካው ገና ነው» የተባልኩት እንግዲህ ይህ ነበር። እኒያ አባት ሙሉውን ስሌት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውኝ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ጥናቶች ገበሬው «የዘር ጊዜውን ያስተካክላል» ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን በሜዳ ካየሁት ተነሥቼ ቀኑን ማስተካከል ከገበሬው ምርጫዎች ትንሹ ነው እላለሁ። ቀኑ በእጁ አይደለም። በእጁ ያለው ሰብሉ፣ ዓይነቱና ማሳው ነው። ዝናብ ሲዘገይ ምርጫዎቹ በቅደም ተከተል ይዘጋሉ። መጀመሪያ የሚዘጋው በቆሎና የቆየ ዳጉሳ ነው። ቀጥሎ የረጅም ጊዜ ገብስና ስንዴ ይዘጋል። ከዚያ በቀዩ መሬት ላይ ጤፍ፤ ከዚያም በዋልካው ላይ የዘገየው ጤፍ። በመጨረሻ የሚቀሩት በመስከረም በቀረ እርጥበት የሚዘሩት ሽንብራና ጓያ ናቸው፤ እነሱም ዋልካ ላለው ብቻ። ቀይ ተዳፋት ብቻ ያለው ሰው ሐምሌ ሲጋመስ ምርጫው ያልቃል፤ መሬቱንም ጦም ያሳድራል ወይም ለግጦሽ ይተወዋል።

እዚህ ላይ በሬ ይግባ። ሐምሌ 1 ቀን ዝናቡ ጸንቷል፣ ቀዩም መሬት እስከ ሐምሌ 20 መዘራት አለበት እንበል። ሃያ ቀን አለን ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ስድስት ያህል ይወስዳሉ። ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ ሐምሌ 12 ሚካኤል፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው፤ በነዚህ ቀናት በሬ አይጠመድም። አጥቢያው የሚያከብረው ሌላ ታቦት ካለ እሱም ይጨመራል። ወደ አሥር የሚጠጋ የእርሻ ቀን ይቀራል። ሁለት በሬ ያለው ሰው በቀን አንድ ጥማድ፣ ማለትም የሄክታር ሩብ ያህል አርሶ ቢዘራ አሥር ጥማድ ይዘራል፤ ይህ ከብዙው ቤተሰብ መሬት ይበልጣል። አንድ በሬ ያለውና ከጎረቤቱ ጋር የሚቀናጅ ግን አምስት ቀን ብቻ ይደርሰዋል። በሬ የሌለው ደግሞ ባለ በሬው የራሱን ጨርሶ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ወይም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል።

ዝናቡ አሥር ቀን ቢዘገይስ? ባለ ሁለት በሬው አምስት ቀን ይቀረዋል፤ ሊቸገር ይችላል እንጂ አይወድቅም። ባለ አንድ በሬው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀረዋል። በሬ የሌለው ምንም አይቀረውም። የአንድ ዝናብ የአሥር ቀን መዘግየት በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ክረምቶች ይፈጥራል። ከአሥር የሚበልጡ ዓመታት መጠይቅ የሞላሁባቸው ቤቶች ላይ ዘግይተው የሚዘሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች እንደሆኑ አስተውያለሁ። ስለ ዝናብ ብጠይቃቸው ስለ በሬ ነው የሚመልሱልኝ። ወንፈልና ደቦ ይህን ክፍተት ያጠባሉ፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ በሚቸኩልበት ዓመት ወንፈል ራሱ ይጨናነቃል። ለአረም የሚሠራው ደቦ ለዘር ቀን አይገኝም።

የበልጉም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በጋይንት ደጋ በኩል በበልግ ዝናብ ገብስና ድንች ይዘራ ነበር፤ የበልጉ አለመታመን ብዙዎችን ከዚህ እንዳራቃቸው ይናገራሉ። የበልግ ሰብል ጨርሶ ለማያውቀው ለፋርጣ ገበሬ እንኳ የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ሥራ አለው። ደረቁን መሬት አለስልሶ ለገመሳ ያበቃል፤ ለበሬዎቹም ሣር ያወጣል። በልግ በቀረበት ዓመት በሬዎቹ ከስተው ወደ ሰኔ ይገባሉ፤ መሬቱም ገመሳውን በጊዜ አላገኘም። ክረምቱ በትክክለኛው ቀን ቢገባ እንኳ ገበሬው ዝግጁ አይደለም። ይህ በዝናብ መዝገብ ላይ «መደበኛ ክረምት» ተብሎ ይጻፋል።

የ2007 ዓ.ም. ክረምትን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በኤልኒኞ ምክንያት የመጣው ያ ድርቅ በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለአስቸኳይ የምግብ ርዳታ ዳርጓል። በክልላችን እጅግ የተጎዳው ምሥራቁ ነበር። በእኛም ዞን ምሥራቁ፣ እነ ጋይንትና እብናት፣ ከምዕራቡ ከፎገራና ከደራ የበለጠ ቀመሱት። የኤልኒኞው ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ችግሩ የትንበያው ቅርፅ ነው። የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ተቋም በየወቅቱ መግቢያ የሚሰጠው ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ይነግራል። ይህ ለእህል ክምችት ለሚያቅድ መሥሪያ ቤት ጠቃሚ ነው። የፋርጣ ገበሬ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ «ዛሬ ብዘራ በሚቀጥሉት አሥር ቀናት ዝናቡ ይከዳኛል ወይ?» እና «ከመስቀል በኋላ ይዘንባል ወይ?» ይላል። በድምር መደበኛ የሆነ ክረምት ዘግይቶ ገብቶ፣ ነሐሴን አጥለቅልቆ፣ መስከረም ላይ ሊያቆም ይችላል። ድምሩ አልጎደለም፤ ቀዩ መሬት ግን ባዶ ነው።

ተቋሙ የሚያወጣው የአሥር ቀን የግብርና ሚቲዎሮሎጂ መግለጫ ለገበሬው ጥያቄ የቀረበ ነው። ጉድለቱ ወደ ቀበሌ ሲደርስ ይታያል። መግለጫው የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው፤ ከጣና ዳርቻ ከ1,800 ሜትር ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚዘልቀው ጉና የሚወጣ ዞን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይገለጽም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ገበሬው «ይህ ለየትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሠራተኛው መልስ ሲያጣ አይቻለሁ፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልመልስም ነበር።

መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት ነገሮች መካከል ፈጥኖ የሚደርስ ዘር የመጀመሪያው ነው። እኔም እደግፈዋለሁ፤ ይሁንና ዋጋ አለው። ፈጥኖ የሚደርስ ሰብል ዝናቡ መልካም በሆነበት ዓመት የተረፈውን ጊዜ አይጠቀምበትም። ገለባውም ያንሳል፤ ገለባ ደግሞ የበሬ ምግብ ነው። ስለዚህ የገበሬው ምኞት አንዱን ዘር በሌላው መተካት አይደለም፤ ሁለቱንም ጎተራ ውስጥ ይዞ ሐምሌ አጋማሽ ላይ መምረጥ ነው። ሁለት ዓይነት ዘር አስቀምጦ አንዱን ብቻ መዝራት የሚችለው ግን እህል የተረፈው ሰው ነው። የዘር አቅርቦት ሥርዓታችን ደግሞ ዘሩን የሚያከፋፍለው በግንቦት ነው፤ ገበሬው የቱን እንደሚፈልግ የሚያውቀው በሐምሌ ነው። ሐምሌ ላይ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር በወረዳ መጋዘን ቢገኝ ምን ያህል ቤተሰብ ከጥፋት እንደሚተርፍ ለመመርመር ለሚፈልግ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የመጨረሻው ምርጫ ጓያ ነው ብያለሁ። ጓያ ዝናብ ከከዳ በኋላ እንኳ በዋልካ እርጥበት ላይ የሚበቅል፣ ብዙ እርሻ የማይፈልግ፣ ርካሽ ሰብል ነው። ዝናብ ሲዛባ የጓያ ማሳ ሲሰፋ ማየት የተለመደ ነው፤ በእኛ መዝገብም «ሰብል በመቀየር ተስማማ» ተብሎ በመልካም ጎን ይጻፋል። ነገር ግን የአንድ ቤት ምግብ ለሁለት ወርና ከዚያ በላይ አብዛኛው ጓያ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ የተያዘው ሰውም ወደ ቀድሞ ጤናው አይመለስም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ በብዙ ሰው ላይ የደረሰው ይህ ነበር። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ወጣት ወንዶችን፣ ማለትም አራሾቹን ነው።

በዚያ በመጀመሪያው መጠይቄ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ወደ እኒያ አባት ቤት ተመልሼ ነበር። ቀዩ መሬታቸው ጦም አድሯል፤ በዋልካው ላይ ጤፍ ቆሟል፤ በጥጉ ሩብ ጥማድ የምትሆን ጓያ አለች። ለምን ጓያውን እንዳላበዙት ጠየቅኋቸው። «ልጆቹ እንዲያርሱ እፈልጋለሁ» አሉኝ። በመጠይቁ ላይ ለዚህም ሣጥን አልነበረም።